የዲቪ ፎቶ፦ የጭንቅላት ልክ፣ ጥላና ነጭ ጀርባ ከመላካችን በፊት እንዴት እንፈትሽ?

ሰላም ዘደሴ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ዘንድሮ ለራሴ፣ ለባለቤቴና ለስምንት ወር ልጃችን ዲቪ ልሞላ ነው። እዚሁ ሰፈር ፎቶ ቤት ሄደን ተነሳንና በፍላሽ ጭነው ሰጡን። «600 በ600 ነው፣ ችግር የለውም» ብለውኛል። እውነትም ፋይሉን ሳየው 600 በ600 ነው፣ መጠኑም 180 ኪሎባይት ገደማ።

ግን የባለቤቴን ፎቶ ደጋግሜ ሳየው ልቤ አልረጋም። ፊቱ ክፈፉን ሞልቶታል። በቀኝ ጆሮው በኩል ግድግዳው ላይ የጠቆረ ጥላ አለ። ፈገግም ብሏል፣ ጥርሱ ግን አይታይም። ሌላው ቢቀር ይሄ ጭንቅላቱ ትልቅ መሆኑ በምን ይታወቃል? በዓይን ግምት ነው ወይስ መለኪያ አለው? የሚያውቅ ቢያስረዳኝ።

---

ያሬድ ከሰሚት

እህቴ አትጨነቂ፣ 600 በ600 ከሆነና ከ240 ኪሎባይት ካልበለጠ ሲስተሙ ይቀበለዋል። እኔ ለስንት ሰው ሞልቻለሁ፣ ፎቶውን ሲቀበልልሽ አለቀ ማለት ነው።

---

ካሜራው

ያሬድ፣ ግማሹ ትክክል ነው፤ ችግሩ ያለው ግማሹ ላይ ነው። ፎርሙ ፋይሉን ሲቀበል ያየው የፋይሉን ዓይነት፣ ስፋቱንና ክብደቱን ነው። ግድግዳው ላይ ጥላ ይኑር አይኑር፣ ፎቶው ያምና ይሁን የዘንድሮ በዚያ ሰዓት የሚነግርህ የለም። ያ የሚታየው በኋላ ነው። የዲቪ መመሪያው ደግሞ ፎቶው ደንቡን ካላሟላ ማመልከቻው ውድቅ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። የደረሰው ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ ቆሞ ከሚሰማው አሁን ቢፈተሽ ይሻላል።

ሰላም፣ መለኪያ አለው። ከፀጉሩ ጫፍ እስከ አገጩ ታች ያለው ቁመት ከፎቶው ቁመት ከመቶ 50 እስከ 69 መሆን አለበት። ዓይኖቹ ደግሞ ከፎቶው ታችኛ ጠርዝ ተነስተሽ ስትለኪ ከመቶ 56 እስከ 69 ባለው መሀል ይውደቁ። ሁለቱም መሟላት አለባቸው፤ አንዱ ልክ ሆኖ ሌላው ከልኩ ሊወጣ ይችላል።

ኮምፒውተር ካገኘሽ ፎቶውን በፔይንት ክፈቺው። ማውሱን ፎቶው ላይ ስታንቀሳቅሺ ታች በግራ በኩል ሁለት ቁጥር ይታያል። ሁለተኛው ቁጥር ከላይ ወደ ታች የሚቆጠር ፒክሰል ነው። ማውሱን የፀጉሩ ጫፍ ላይ፣ ከዚያ የዓይኑ ብሌን ላይ፣ ከዚያ የአገጩ መጨረሻ ላይ አድርጊና ሦስቱን ቁጥር ጻፊልኝ። ሁለቱንም ዓይኖች ለየብቻ ውሰጂ።

---

ሰላም ዘደሴ

እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ ሱቅ ኮምፒውተር ስላለ እዚያ ከፈትኩት። ፀጉር 45፣ ቀኝ ዓይን 250፣ ግራ ዓይን 251፣ አገጭ 480።

---

ካሜራው

ደግ። እንግዲህ 480 ሲቀነስ 45፣ 435 ይመጣል። የጭንቅላቱ ቁመት ያ ነው። 435ን ለ600 ስታካፍዪ ከመቶ 72 ተኩል ነው። ጣሪያው 69 ስለሆነ፣ ይኸውም በ600 ላይ 414 ፒክሰል ማለት ነው፣ በ21 ፒክሰል አልፏል። ዓይንሽ አልተሳሳተም።

ዓይኑን እንይ። ፔይንት የሚቆጥረው ከላይ ነው፣ ደንቡ የሚያወራው ከታች ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይምታታበታል። ስለዚህ 600 ሲቀነስ 250፣ 350። ይህ ከመቶ 58 ነው፣ ገብቷል። የሁለቱ ዓይኖች ቁጥር የተለያየው በአንድ ብቻ ስለሆነ አንገቱ አልተጣመመም። በሰባትና በስምንት ሲለያይ ግን በዓይንም ይታወቃል፤ ያኔ አንገትን አቅንቶ እንደገና መነሳት ነው።

ስለዚህ ጥፋቱ አንድ ነው፦ ክፈፉ ጠቧል። ይህን የተቆረጠውን ፎቶ ማሳነስም ማስፋትም አይጠቅምም፣ ጭንቅላቱ አብሮ ነው የሚያንሰው። ፎቶ ቤቱ ያልተቆረጠውን ኦሪጅናል ከያዘው ከአሁኑ በ1.2 እጥፍ ሰፋ ያለ ካሬ ቆርጠው ወደ 600 ይመልሱት። ያኔ ጭንቅላቱ ወደ ከመቶ 60 ይወርዳል። ሲቆርጡ ዓይኑን ከታች ከመቶ 62 አካባቢ ያስቀምጡት። ከፀጉሩ በላይ የፎቶውን አንድ አሥረኛ የሚያህል ባዶ ቦታ ይተርፋል፣ እንደዚያ ነው የሚያምረውም።

ኦሪጅናሉን አጥፍተውት ከሆነ ሌላ አማራጭ የለም፣ እንደገና መነሳት ነው። በጎን ነጭ ቀለም ጨምሮ ማስፋት እንዳይሞክሩ፤ ትከሻው ድንገት ተቆርጦ ይታያል።

---

ፍራንክፈርቱ

ካሜራው ያልከው ለእኔ ገና አሁን ገባኝ። እኔ እዚህ ጀርመን ለመታወቂያ የተነሳሁትን ፎቶ ነው ለዲቪ ልጠቀም ያሰብኩት። ባዮሜትሪክ ነው፣ የከተማው ጽሕፈት ቤትም ምንም ሳይል ተቀብሎታል። ባዮሜትሪክ ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?

---

ካሜራው

አይደለም። የጀርመኑ 35 በ45 ሚሊሜትር ነው፣ ከአገጭ እስከ አናት ከ32 እስከ 36 ሚሊሜትር እንዲሆን ይፈልጋሉ። 32ን ለ45 ብታካፍለው ከመቶ 71 ነው። ማለትም ጀርመን የምትቀበለው ትንሹ ጭንቅላት ለዲቪ ከተፈቀደው ትልቁ ይበልጣል። ዲቪ ደግሞ ካሬ ስለሚፈልግ ከላይና ከታች ቆርጠህ 35 በ35 ብታደርገው ጭንቅላትህ ከመቶ 91 ይሆናል። ለመታወቂያ ልክ የነበረው ፎቶ ለዲቪ አንድም ቦታ አይገባም። ጀርባውም ብዙ ጊዜ ግራጫ ያደርጉታል፣ ዲቪ ነጭ ወይም ወደ ነጭ የቀረበ ነው የሚለው።

አሜሪካኖቹ ለፊቱ ዙሪያ ሰፊ ቦታ ይተዋሉ፣ አውሮፓ ጠበቅ ያደርገዋል። ፎቶ ቤት ስትገባ «ባዮሜትሪክ» አትበል፣ «የአሜሪካ ቪዛ፣ ሁለት በሁለት ኢንች» በል።

---

ሀዩ

የእኔም የፋይዳ ፎቶ በጣም አስጠልቶ ወጥቷል 😭 ጨለማ ነው፣ ዓይኔም ጨፈን ብሏል። በዚህ ስሌት ሌላ ፎቶ አስተካክዬ ብወስድላቸው ይቀይሩልኛል?

---

ያሬድ ከሰሚት

ሀዩ የፋይዳ እኮ እዚያው በነሱ ካሜራ ነው የሚነሳው፣ ከጣት አሻራና ከዓይን ጋር። ከቤት የሚወሰድ ፎቶ የለም። እዚህ የምናወራው ስለ ዲቪ ነው።

---

ሀዩ

እሺ እሺ። መብራቱ ግን ከጣሪያ ብቻ ነበር፣ ዓይኔ ሥር የጠቆረው ለዚያ ነው ማለት ነው?

---

ካሜራው

ልክ ነሽ፣ ለዚያ ነው። እንዲያውም የሰላምን የጥላ ጥያቄ እዚሁ ልመልሰው።

ጥላ ሁለት ዓይነት ነው፣ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። አንደኛው ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ነው። ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ ወይም ተጠግቶ ሲቆምና ፍላሹ ከአንድ ወገን ሲመታው የጆሮው ጥላ ከኋላው ይታተማል። የባለቤትሽ ይሄ ነው፦ ጥላው በቀኝ ጆሮው በኩል ከሆነ መብራቱ የመጣው ከግራው ነው። ከግድግዳው አንድ ሜትር፣ ቢቻል አንድ ተኩል ሜትር ወደፊት ይራመድ። ጥላው ያኔ ወደ ጎንና ወደ ታች ወርዶ ከክፈፉ ይወጣል።

ሁለተኛው ፊቱ ላይ ያለው ነው፦ የዓይን ጉድጓድ፣ ከአፍንጫ ሥር፣ ከአገጭ በታች። ይሄ ከግድግዳው በመራቅ አይጠፋም። መብራቱ ከላይ ስለመጣ ነው። የቀትር ፀሐይም የጣሪያ አምፖልም አንድ ናቸው። ሰውየውን ፊቱን ወደ ትልቅ መስኮት አዙረሽ አቁሚው፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት ሰዓት ይሁን። ካሜራው ጀርባውን ለመስኮቱ ይስጥ፣ ግን ብርሃኑን አይጋርደው። ከአገጭ ሥር ጥቁር ከቀረ ደረቱ አካባቢ፣ ከክፈፉ ውጭ፣ ነጭ ካርቶን ወይም የታጠፈ አንሶላ ይያዝ። ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሰዋል።

አንድ መንገድ ልንገርሽ። በዓይን ነጭ የሚመስል ጀርባ ነጭ ላይሆን ይችላል። ፔይንት ውስጥ ቀለም መልቀሚያውን ይዘሽ አራቱን ማዕዘን አንድ በአንድ ንኪ፤ በነካሽ ቁጥር «Edit colors» የሚለውን ክፈቺና የቀለሙን ቁጥሮች፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ እዪ። ሦስቱም ቁጥሮች ወደ 240 ተጠግተው ከሆነ ነጭ ነው። አንዱ ማዕዘን 240፣ ሌላው 190 ካለ በዚያ በኩል ጥላ አለ። ሦስተኛው ቁጥር፣ ሰማያዊው፣ ከሁለቱ በብዙ ካነሰ ደግሞ ግድግዳው በአምፖል ቢጫ ሆኗል። ይህ የቁጥር ልክ የኔ የሥራ ልምድ እንጂ የኤምባሲ ደንብ አይደለም፤ እነሱ የሚሉት ነጭ ወይም ወደ ነጭ የቀረበ፣ ጥላ የሌለበት ነው።

---

ያሬድ ከሰሚት

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ጀርባ የሚያጠፋ አፕ አለ እኮ፣ አንዴ ነክተህ ነጭ ታደርገዋለህ። ጥላውም አብሮ ይሄዳል።

---

ካሜራው

ጀርባው ነጭ መሆኑ ልክ፣ መንገዱ ግን አይደለም። ፎቶው በኮምፒውተር መቀየር የለበትም ይላል መመሪያው። ደግሞ ይታወቃል። አፑ የሐበሻ ፀጉር አያውቅም፤ ጠርዙ ላይ ያለውን ጥቃቅን ፀጉር ይልሰውና ጭንቅላቱ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ፎቶውን አጉልተህ ጆሮውንና ፀጉሩን እይ፣ ወዲያው ይለያል።

ከዚያ የሚብሰው ፊትን ማፍካት ነው። ብዙ ፎቶ ቤት ሳይጠየቅ ጠባሳና ማድያት ያጠፋል፣ ቆዳውን ያነጣል። ለሠርግ ፎቶ ይሁን፣ ለቪዛ ግን ቆንስላው የሚያነጻጽረው ፊት ለፊቱ ከቆመው ሰው ጋር ነው። «አትንኩት፣ እንዳለ ስጡኝ» በሉ። በስልክ የምታነሱም ቢዩቲ የሚለውን አጥፉ።

በነገራችን ላይ ፊት የሚጠቁረው በስልኩም ነው። ከኋላ ሰፊ ነጭ ሲያይ ስልኩ «በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጠቁረዋል። ፊቱ ላይ ጣትሽን አሳርፊና ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጊ። ግን በልክ፤ ሲበዛ የጉንጩና የግንባሩ ጠርዝ ከግድግዳው ጋር ይቀላቀላል።

---

ቨርጂኒያ ነኝ

ስለ ፈገግታው ማንም አልመለሰላትም። ፈገግታ ይፈቀዳል! እኔ የአሜሪካ ፓስፖርቴ ላይ ፈገግ ብዬ ነው የተነሳሁት። ጥርስ ካልታየ ችግር የለውም።

---

ካሜራው

አንቺ ያልሽው ለአሜሪካ ፓስፖርት ነው፣ እዚያ ተፈጥሯዊ ፈገግታ ይቀበላሉ። የቪዛው ደንብ ግን ገለልተኛ ገጽታ፣ ሁለቱም ዓይኖች የተከፈቱ ነው የሚለው። ዲቪ ቪዛ ነው። በትንሽ ፈገግታ የወደቀ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ ማለት አልችልም፣ ግን እንደገና መነሳቱ ካልቀረ ለምን ይተዋል? አፍ ገጠም፣ ከንፈር ዘና። «ሳቅ አትበል» ሲባል ሰው ይኮሳተራል፣ ያም ጥሩ አይደለም። እኔ ትንፋሽ አስወጥቼ ሲጨርስ ነው የማነሳው።

---

ጋሽ ተፈራ

ልጆቼ፣ የቀኝ ጆሮ መታየት አለበት እኮ። እኔ ለልጄ ቪዛ ስንሄድ ፊቷን ዘወር አድርገው ነው ያነሷት። ፊት ለፊት ያለውን መልሰውብናል።

---

ካሜራው

ጋሼ ትክክል ነዎት፣ ድሮ እንደዚያ ነበር። የኢሚግራንት ቪዛ ፎቶ በሦስት አራተኛ ዞር ብሎ፣ ቀኝ ጆሮ ታይቶ ነበር የሚነሳው። በፈረንጆቹ 2004 ተቀይሮ ፊት ለፊት ሆነ። አሁን ዞር ያለ ፎቶ ይዘው ቢሄዱ የሚመለሰው እሱ ነው። ጆሮ በፀጉር ቢሸፈንም አያስጥልም፣ ፊቱ ግን ከግንባር እስከ አገጭ፣ ከጎን እስከ ጎን ይታይ። መነጽርም ከ2016 ኅዳር ወዲህ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ አይፈቀድም፤ እርስዎ የሚያደርጉ ከሆነ አውልቀው ነው።

---

ጋሽ ተፈራ

እድሜ ይስጥህ ልጄ። ለካ ዘመኑ ተቀይሯል።

---

የመቅደስ ልጅ

እኔ ደግሞ ለእናቴ ነው። እናቴ ነጠላዋን ከራሷ አታወርድም፣ ቤት ውስጥም ሻሽ አላት። «ለአሜሪካ ብዬ ራሴን አልገልጥም» ብላለች 😅 ምን ላድርግ?

---

ካሜራው

ደንቡ ለሃይማኖት ሲባል ዘወትር የሚደረግ የራስ መሸፈኛ ይፈቅዳል፤ ፊቱ ሙሉ ከታየና ጥላ ካልጣለ። ሂጃብም፣ የመነኩሲት ቆብም በዚህ ይገባል። የእናትሽ ዘወትር የምታደርገው ከሆነ እኔ በሻሹ አነሳታለሁ። ነጠላውን ግን ተጠንቀቂ። ነጭ ነጠላ በነጭ ግድግዳ ላይ ይጠፋል፤ አናቷ የት እንደሚያልቅ አይለይም፣ ልኩንም መለካት አይቻልም። ጠቆር ያለ ሻሽ ይሁንና ከፀጉር መብቀያው ወደኋላ ገፋ ይበል፣ ግንባሯ ላይ ጥላ እንዳይጥል።

---

ቨርጂኒያ ነኝ

እኔ በዚህ አልስማማም። ሻሽ የባህል ነው እንጂ የሃይማኖት አይደለም የሚል ቆንስላ ቢገጥማትስ? የእኔ አክስት አውልቂ ተብላ ነው የተነሳችው።

---

የመቅደስ ልጅ

እናቴ «የሃይማኖት ነው» ነው የምትለው፣ ቄሱም ይመሰክራሉ። ብቻ በሁለቱም መንገድ አነሳትና እንመካከራለን።

---

ብሩኬ

አፍሮ ያለውስ? እህቴ ፀጉሯ ወደ ላይ አንድ ስንዝር ነው። ፀጉሩ ይቆጠራል ካላችሁ ፊቷ ትንሽዬ ሆኖ ሊቀር ነው።

---

ካሜራው

ፀጉሩ ይቆጠራል። ስለዚህ አፍሮው ከመቶ 69 ውስጥ ድርሻውን ይወስዳል፣ ፊቷም ያንሳል። ወደኋላ አስይዢያት፣ ነገሩ ይቀላል።

---

ፍራንክፈርቱ

እዚህ ግን ፀጉር አይቆጥሩም፣ የራስ ቅሉን ገምተው ነው የሚለኩት። አፍሮን አስይዢ ማለት ለሴት ልጅ ቀላል ነገር አይደለም ደግሞ። ዓይኗ በቦታው ከዋለ ፀጉሯ ትንሽ ቢያልፍ ማን ያያል?

---

ካሜራው

ሰው የሚያየው ከሆነ ምናልባት ያልፋል፣ ላስምልልህ አልችልም። የተጻፈው ግን ፀጉርን ጨምሮ ነው።

---

ሰላም ዘደሴ

ፎቶ ቤቱ ኦሪጅናሉን አጥፍቶታል፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ በስልክ ልናነሳው ነው። የሕፃኑንስ እንዴት ላድርግ? ብቻውን አይቀመጥም፣ ፎቶ ቤቱ ያነሱት እኔ ብብቱን ይዤው ነው፣ ጣቶቼ ይታያሉ።

---

ካሜራው

ጣት ከታየ አይሆንም። ለእያንዳንዱ ሰው ብቻውን ነው ፎቶው፣ ሕፃንም ቢሆን። አልጋ ላይ ነጭ አንሶላ ዘርግተሽ በጀርባው አስተኚው። አንሶላው ይተኮስ፣ ሽብሽቡ ጥላ ይሠራል። ከላይ ሆነሽ ስታነሺ ያንቺ ጥላ እንዳያርፍበት አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጊና መስኮቱ በእግሩ በኩል ይሁን፤ አንቺ በጎን ቁሚ። በአፉ የሚጠባው ነገር አይኑር፣ ዓይኑ ይከፈት። ባለቤትሽ ከስልኩ ጀርባ ቁልፍ ያንቃጭል፣ ቀና ብሎ ያየዋል። ስምንት ወር ስለሆነ ይገለበጣል፣ ፈጠን በሉ።

ለባለቤትሽ ደግሞ በኋላ ካሜራ አንሺው እንጂ ሰልፊ አይሁን። በክንድ ርቀት ሲነሳ አፍንጫ ይተልቃል፣ ጆሮ ይሸሻል። አንድ ሜትር ተኩል ራቂና ስልኩን በዓይኑ ትክክል ያዢ። ሰፋ አድርገሽ አንሺ፣ መቁረጡ በኋላ ነው። ኦሪጅናሉን አታጥፊ።

ለሰው ስትልኪም በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኪው፣ ጨምቆ ያበላሸዋል። እንደ ፋይል ላኪው።

---

ሰላም ዘደሴ

አነሳነው! ከግድግዳው ራቅ አድርጌ፣ ጠዋት በመስኮት ብርሃን። ቆርጬ ወደ 600 አመጣሁት፦ ፀጉር 68፣ ዓይን 231 እና 232፣ አገጭ 427። ማዕዘኖቹ 238፣ 236፣ 239፣ 221።

---

ካሜራው

427 ሲቀነስ 68፣ 359፤ ከመቶ 60 ገደማ። ዓይኑ ከታች 369፣ ከመቶ 61 ተኩል። ልኩ አልቋል። 221 ያለው ማዕዘን የትኛው ነው?

---

ሰላም ዘደሴ

ታች በቀኝ። መጋረጃው በዚያ በኩል ነበር።

---

ካሜራው

በዓይን ጥላ ሆኖ የሚታይ አይመስለኝም፣ እኔ ብሆን አሳልፈዋለሁ። መጋረጃውን ገልጠሽ አንድ ሁለት ተጨማሪ ማንሳት ግን ምንም አያስከፍልም፣ መስኮቱም ብርሃኑም አለ።

---

ያሬድ ከሰሚት

ካሜራው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ደንበኞቼ ያምናውን ፎቶ ነው የሚያመጡልኝ። ሰውየው ምንም አልተለወጠም፣ ልኩም ጥላውም ጥሩ ነው። እሱስ?

---

ካሜራው

አይሆንም። ፎቶው ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ የተነሳ መሆን አለበት፣ ያምና ማመልከቻ ላይ የዋለውን ፎቶ ደግሞ መላክ ውድቅ ያስደርጋል። ያምናው በአሜሪካኖቹ እጅ አለ፣ ጎን ለጎን አድርገው ማየት ይችላሉ።

---

ያሬድ ከሰሚት

ያኔ ከነገ ጀምሮ ሱቄ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ልሰቅል ነው። አንሶላው ስንት በስንት ይበቃል?